ፈተናው በቁስቋም፣ እሱ የሄደው በሥላሴ፦ የፈረንጅ ቀን ወደ እኛ ስትቀይሩ አንድ ቀን እንዳያመልጣችሁ

የአክስቴ ልጅ በ2016 ዓ.ም. ለውጭ ትምህርት የሚጠየቅ የእንግሊዝኛ ፈተና ተመዘገበ። ክፍያውን በስንት መከራ ከፈለ። ከዚያ በኢሜይል እንዲህ የሚል ቀጠሮ መጣለት፦

```
16/11/2023  09:00
```

ልጁ ጎበዝ ነው። ሁለተኛ ደረጃ እያለ የያዛት ዘዴ ነበረችው፤ ከኖቬምበር ላይ 9 ቀንስ፣ ህዳር ይመጣል። 16 ሲቀነስ 9፣ 7። ህዳር 7። ሰዓቱንም አልሳተም፣ ዘጠኝ ሰዓት የተባለው በኛ ጠዋት 3 ሰዓት መሆኑን ያውቃል። ብጣሽ ወረቀት ላይ «ህዳር 7፣ 3 ሰዓት» ብሎ ጻፈና መስታወቱ ጠርዝ ላይ ሰካት። ኢሜይሉን ከዚያ በኋላ አልከፈተውም።

አክስቴ ወረቀቷን አይታ ደስ አላት። «በሥላሴ ቀን ነው የምትፈተነው! ሥላሴ ይርዱህ የኔ ልጅ» አለችው። ህዳር 6 ጠዋት ነጠላዋን ለብሳ ቁስቋም ተሳልማ መጣች። እሱ ቤት ቁጭ ብሎ ያነባል። በማግስቱ፣ አርብ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ፓስፖርቱን ይዞ ፈተና ጣቢያው በር ላይ ቆመ። ግቢው ጭር ብሏል። ጥበቃው ከላይ እስከ ታች አየውና «ፈተና? እሱማ ትናንት ነበር ወንድሜ» አለው።

እኔ የሰነድ ትርጉም ቤት ነው የምሠራው። የልደት ሰርተፍኬት፣ የጋብቻ ወረቀት፣ ትራንስክሪፕት፤ ቀን መቀየር የዕለት እንጀራዬ ነው። እሱ ግን አንድም ቀን አልጠየቀኝም። እናም ደውሎ ሲነግረኝ መጀመሪያ ተናደድኩ። ቀጥሎ «ዘጠኝ ቀነስክ አይደል?» አልኩት። ዝም አለ። እንግዲህ እኛ ቢሮ እንዴት እንደምንሠራው ልንገራችሁ፣ የሱን ቀን እንደ ምሳሌ ይዘን።

መጀመሪያ፦ ወረቀቱ በማን ቋንቋ እንደሚቆጥር እወቁ

የሱ ኢሜይል ላይ 2023 ስለሚል ነገሩ ግልጽ ነበር። በኛ አቆጣጠር 2016 ላይ የነበርን ሰዎች 2023 ብለን አንጽፍም። ችግር የሚፈጥረው 2016 የሚል የድሮ ወረቀት ነው። የኛ 2016 አለ፣ የፈረንጆቹም 2016 ነበረ። እንደዚህ ያለ ነገር ሲገጥመኝ ወረቀቱን የሰጠው ማን እንደሆነ አያለሁ። ካላወቅሁ ደግሞ ባለቤቱን እጠይቃለሁ፤ ገምቼ አልጽፍም።

ሌላው የቀንና የወር ቅደም ተከተል ነው። 16/11 ከሆነ 16 ወር ሊሆን አይችልምና አያሳስትም። 05/11 ቢሆን ግን አሜሪካ የሚኖር ሰው ሜይ 11 ብሎ ያነበዋል፣ እንግሊዝ ያለው ኖቬምበር 5 ይለዋል። እዚህ ላይ የምትሳሳቱት በወራት ነውና ቀን መቀየር ከመጀመራችሁ በፊት ይጥራ።

ሁለተኛ፦ ዓመቱን አግኙ

ይሄ ቀላሉ ነው። ከመስከረም 1 እስከ ዲሴምበር መጨረሻ ከፈረንጆቹ ዓመት 7 ቀንሱ። ከጃንዋሪ 1 ጀምሮ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 8 ቀንሱ። ኖቬምበር 2023 ስለሆነ 2023 ሲቀነስ 7፣ 2016 ዓ.ም.።

አብዛኛው ሰው ዓመቱን ያገኝና ወደ ቀኑ ይሮጣል። ዓመቱን ግን ገና አትልቀቁት። የልጁን ፈተና የበላችው ነገር ያለችው እዚህ ነው።

ሦስተኛ፦ ዓመቱ የማን ነው?

ሁለቱም አቆጣጠሮች በአራት ዓመት አንዴ አንድ ቀን ይጨምራሉ። የሚጨምሩበት ቦታ ግን ይለያያል። እኛ ዓመቱ ሲያልቅ ጳጉሜን ላይ 6ኛ ቀን እንጨምራለን። እነሱ ፌብሩዋሪን 29 ያደርጉታል። የኛ ጳጉሜን 6 ትቀድማለች። የነሱ ፌብሩዋሪ 29 የምትመጣው ከአምስት ወር ተኩል በኋላ ነው።

በመሃል ያለው ጊዜ ነው ችግሩ። እኛ ተጨማሪዋን ቀን ቆጥረን ጨርሰናል፣ እነሱ ገና ናቸው። ስለዚህ በዚያ አምስት ወር ተኩል የኛ ቁጥር ከተለመደው በአንድ ቀን ወደ ኋላ ይቀራል። እንቁጣጣሽ በሴፕቴምበር 11 ፋንታ በ12 የሚውለው፣ ጥምቀትም በጃንዋሪ 19 ፋንታ በ20 የሚውለው ለዚህ ነው። ፌብሩዋሪ 29 ስትመጣ እነሱም ቀናቸውን ይጨምራሉ፣ ሁለቱ እንደገና ይገናኛሉ።

ያ ዓመት መሆኑን እንዴት ታውቃላችሁ? የኢትዮጵያን ዓመት ለ4 አካፍሉ። ቀሪ ከሌለው፣ ይህ የአንድ ቀን ልዩነት ያለበት ዓመት ነው። የመጨረሻዎቹን ሁለት አሃዞች ብቻ ብታዩ ይበቃል። 2016 ላይ 16 ለ4 ይካፈላል፣ ስለዚህ አለበት። 2017 የለበትም፣ 2018 የለበትም፣ 2019 የለበትም። ቀጣዩ 2020 ነው።

አክስቴ ይህን ለማወቅ ማካፈል አያስፈልጋትም። በቤተ ክርስቲያን አራቱ ወንጌላውያን በየተራ ዓመት ይሰጣቸዋል፤ ማቴዎስ፣ ማርቆስ፣ ሉቃስ፣ ዮሐንስ። ጳጉሜን 6 የምትሆነው ሉቃስ ሲያልቅ ነው። ቀጥሎ የሚመጣው የዮሐንስ ዓመት ነው፣ ቀሪ የሌለው ያ ነው። አክስቴ እንቁጣጣሽ ዕለት ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ «ዘንድሮ ዮሐንስ ነው፣ ገና በ28 ነው የሚውለው» ብላ ነበር፤ ልጇም ሰምቷል። በዮሐንስ ዓመት ገና በታህሳስ 29 ሳይሆን በ28 ይከበራል። ጃንዋሪ 7ን ሳይለቅ የሚቀረውም በዚህ ምክንያት ነው። ማለትም ልጁን ሊያድነው የሚችለው መረጃ ከሁለት ወር በፊት፣ ቡና እየተቆላ፣ እቤቱ ተነግሯል። እሱ የሰማው የበዓል ወሬ ነበር፣ ቀን መቀየሪያ መሆኑን ማን ነገረው?

አራተኛ፦ ቀኑን ቀንሱ

ይህቺን ሰንጠረዥ ጠረጴዛዬ መስታወት ስር አስቀምጫታለሁ። ከፈረንጅ ወደ እኛ ስትመጡ ትቀንሳላችሁ፣ ከእኛ ወደ ፈረንጅ ስትሄዱ ትደምራላችሁ።

| የኛ ወር | የሚጀምርበት የፈረንጅ ወር | በተለመደው ዓመት | በዮሐንስ ዓመት |
|---|---|---|---|
| መስከረም | ሴፕቴምበር | 10 | 11 |
| ጥቅምት | ኦክቶበር | 10 | 11 |
| ህዳር | ኖቬምበር | 9 | 10 |
| ታህሳስ | ዲሴምበር | 9 | 10 |
| ጥር | ጃንዋሪ | 8 | 9 |
| የካቲት | ፌብሩዋሪ | 7 | 8 |
| መጋቢት | ማርች | 9 | 9 |
| ሚያዝያ | ኤፕሪል | 8 | 8 |
| ግንቦት | ሜይ | 8 | 8 |
| ሰኔ | ጁን | 7 | 7 |
| ሐምሌ | ጁላይ | 7 | 7 |
| ነሐሴ | ኦገስት | 6 | 6 |
| ጳጉሜን | ሴፕቴምበር | 5 | 5 |

አሁን የልጁን ቀን እንሥራ። ወሩ ኖቬምበር፣ ዓመቱ የዮሐንስ። የምንቀንሰው 10 ነው። 16 ሲቀነስ 10፣ 6። ህዳር 6፣ ቁስቋም። አክስቴ ነጠላዋን ለብሳ የወጣችበት ጠዋት ማለት ነው።

የሱ ዘዴ ውሸት አልነበረም። ከሰንጠረዡ ሦስተኛ ዓምድ የወጣች ናት። በ2013፣ በ2014፣ በ2015 ብትሠሩባት ልክ ትመጣለች። በ2016ም ከመጋቢት ወዲህ ዓምዶቹ አንድ ስለሆኑ ማንም አይሳሳትም። እንዲህ ያለ ስህተት ክፋቱ ይሄ ነው፤ ስንት ጊዜ ሞክራችሁት ሠርቶላችሁ፣ አንድ ቀን ጉድ ይሠራችኋል። ልጁም በራሱ የልደት ቀን ሞክሯት ነበር። የተወለደው ሰኔ ነው።

ስትቀንሱ ዜሮ ወይም ከዜሮ በታች ከመጣ አትደንግጡ፣ ያለፈው የኛ ወር ውስጥ ናችሁ፤ 30 ጨምሩበት። ለምሳሌ ኖቬምበር 5 ቀን 2023፦ 5 ሲቀነስ 10፣ ከዜሮ በታች 5 ነው። 30 ሲጨመርበት 25። ጥቅምት 25 ማለት ነው። ሴፕቴምበር ብቻ ለየት ይላል፤ ከእንቁጣጣሽ በፊት ያሉት ቀናት ጳጉሜን ስለሆኑ ለነሱ 5 ቀንሱ። አሁንም ከዜሮ ካላለፈ ነሐሴ ውስጥ ነው ያላችሁት፣ 30 ጨምሩ።

ሰንጠረዡ የሚያገለግለው ከማርች 1900 እስከ ፌብሩዋሪ 2100 ላለው ጊዜ ነው። ፈረንጆቹ በ1900 ፌብሩዋሪ 29ን ዘለዋታል፣ በ2100ም ይዘሏታል። ለፈተና ቀጠሮ ይህ ምንም አያደርግላችሁም። ግን ዓድዋን አስቡት። ጦርነቱ የተደረገው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው፣ በፈረንጆቹ ማርች 1 ቀን 1896። እኛ በዓሉን ዛሬም በየካቲት 23 እናከብራለን፣ ቀኑ ግን አሁን ማርች 2 ላይ ይውላል። «የውጭ መጻሕፍት ተሳስተዋል ወይ?» ብሎ የሚጠይቀኝ ደንበኛ በየዓመቱ አላጣም። አልተሳሳቱም፣ በመሃል 1900 አለፈ።

አምስተኛ፦ በሳምንቱ ቀን አረጋግጡ

አንድ እርምጃ ብቻ የመያዝ ትዕግሥት ካላችሁ፣ ይቺን ያዙ። ወርና ዓመት ይለያያሉ እንጂ ሐሙስ የትም ሐሙስ ነው። በሁለቱም አቆጣጠር የሳምንቱ ቀን አንድ ነው።

ስልካችሁ ላይ ኖቬምበር 16 ቀን 2023ን ክፈቱ፣ ሐሙስ ይላል። የ2016ን የግድግዳ ካላንደር እዩ፣ ህዳር 7 አርብ ይላል። ሐሙስና አርብ አይገጥሙም፣ ስለዚህ አንዱ ተሳስቷል። ልጁ ይህን ቢያደርግ ኖሮ ስለ ወንጌላውያኑም፣ ስለ ፌብሩዋሪም ምንም ሳያውቅ ስህተቱን ይይዘው ነበር። ኢሜይሉ ላይ የሳምንቱ ቀን አለመጻፉ ጎዳው። ግን ለማግኘት ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

ካላንደር በሌለበት በጭንቅላት የምትሠሩበት መላም አለ። ከጳጉሜን በቀር የኛ ወር ሁሌ 30 ቀን ነው። 30 ቀን አራት ሳምንት ከሁለት ቀን ነው። ስለዚህ የወሩ መጀመሪያ በየወሩ ሁለት ሁለት ቀን ወደፊት ይሄዳል። የ2016 እንቁጣጣሽ ማክሰኞ ነበር። ጥቅምት 1 ሐሙስ ይሆናል፣ ህዳር 1 ቅዳሜ። ከቅዳሜ ተነስታችሁ ወደ ህዳር 6 ቁጠሩ፤ ሐሙስ። እንቁጣጣሽ ምን ቀን እንደዋለ ካስታወሳችሁ ዓመቱን ሙሉ ታክሲ ውስጥ ቆማችሁ ማስላት ትችላላችሁ።

«ስልኩስ ሐሙስ ጠዋት ኖቬምበር 16 ይለው አልነበረም ወይ?» ትሉ ይሆናል። ይለው ነበር። እኔም ጠይቄዋለሁ። ስልኩን ያየው ሰዓት ለማየት ነበር። አንዴ ህዳር 7 ብሎ ከጻፈ በኋላ ኖቬምበር 16 የሚባለው ነገር ከአእምሮው ወጥቷል። ለዚህ ነው እኛ ቢሮ የተቀየረውን ቀን ብቻውን የማንጽፈው። ሁለቱም ጎን ለጎን ይጻፋሉ፣ የሳምንቱ ቀንም ከፊታቸው ይቀድማል፦

```
ሐሙስ፣ ህዳር 6 ቀን 2016 = 16/11/2023፣ ጠዋት 3:00 = 09:00
```

እንዲህ ከተጻፈ ከአምስቱ አንዱ ቢበላሽ እንኳ ሌሎቹ ያጋልጡታል።

በተቃራኒው ስትሄዱ

ከእኛ ወደ ፈረንጅ ስትሄዱ ስህተቱ ወደ ሌላ ጎን ያጋድላል። ጥር 16 ቀን 2020 የሚል ቀጠሮ አላችሁ እንበል። 20 ለ4 ይካፈላል፣ የዮሐንስ ዓመት ነው። ጥር ላይ 9 እንደምራለን፣ ጃንዋሪ 25 ቀን 2028። ዓመቱን ያላየ ሰው ግን 8 ደምሮ ጃንዋሪ 24 ይላል፤ አንድ ቀን ቀድሞ ይደርሳል። ዋሽንግተን ሆኖ ለወንድሙ ሠርግ ትኬት የሚቆርጥ ሰው በዚህ አይጎዳም፣ አንድ ቀን ተጨማሪ ዶሮ ወጥ ይበላል። የሚጎዳው እንደ ልጁ ከፈረንጅ ወደ እኛ የሚቀይረው ነው፤ እሱ ሁሌም አንድ ቀን ይዘገያል።

ቀጣዩ አደገኛ ጊዜ ከመስከረም 1 ቀን 2020 (ሴፕቴምበር 12 ቀን 2027) ይጀምርና የካቲት 21 ቀን (ፌብሩዋሪ 29 ቀን 2028) ያበቃል። በዚያ መሃል ቪዛ ቀጠሮ፣ ፈተና ወይም የስኮላርሺፕ ማመልከቻ ያለው ሰው አራተኛውን ዓምድ ይጠቀም።

ስለ ሌሊቱም አንድ ነገር ልበል። በኦንላይን የሚሰጥ ፈተና ወይም የማመልከቻ ማብቂያ አንዳንዴ `02:00` ይላል። ለነሱ ቀኑ የሚለወጠው እኩለ ሌሊት ላይ ነው፣ በኛ አነጋገር ግን ሲነጋ ነው። ኖቬምበር 16 ከሌሊቱ 8 ሰዓት ማለት እኛ «ረቡዕ ሌሊት» የምንለው ነው፤ ረቡዕ ለሐሙስ አጥቢያ። ሐሙስ ማታ እራት በልቶ የሚጠብቅ ሰው ሙሉ ቀን አልፎታል። ካላንደሩን አሳምሮ ቀይሮ በዚህ የሚወድቅ አለ።

ልጁ ያን አርብ የፈተና ጣቢያው ቢሮ ገብቶ ለመነ። «አልቀረበም» ተብሎ ተመዝግቧል፣ ገንዘቡም አይመለስም። ተበድሮ እንደገና ከፈለና ሌላ ቀን ተሰጠው፤ `14/12/2023`። የዚያን ዕለት ማታ እኔ ዘንድ መጣ። እኔ ዝም አልኩ፣ እሱ ይሥራው ብዬ። 2023 ሲቀነስ 7፣ 2016 አለ። 16ን ለ4 አካፈለ። ዲሴምበር፣ 10 ቀነሰ። ታህሳስ 4። ህዳር 1 ቅዳሜ ከሆነ ታህሳስ 1 ሰኞ ነው ብሎ በጣቱ ቆጠረ፤ ሐሙስ። ስልኩን ከፈተ፤ ሐሙስ።

ቤት ሲደርስ ለእናቱ ነገራት። አክስቴ የቡናውን ስኒ አስቀምጣ ስታስብ ቆየች። «ታህሳስ 4?» አለች። «ደግሞ ትናንት ነበር እንዳይሉህ?»